8,280 ብር ከየት መጣ? በአንዲት ደረሰኝ ላይ የተደረገ ፍተሻ

ጉዳዩ የገጠመው በምዕራብ ጎጃም፣ ከአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሒሳብ ክፍል ነው። ስሙን እዚህ አላነሳም። ዩኒየኑ ከአባል ማኅበራት በቆሎ ይሰበስባል፣ ያከማቻል፣ ይሸጣል። በቆሎ በሚገባበት ሰሞን ሸራ፣ ጆንያና የጆንያ መስፊያ ክር በብዛት ይገዛል። የ2016 በጀት ዓመት ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ ሒሳቡን እንዳመሳክር ተጠራሁ። የአቅራቢዎችን መግለጫ ከዩኒየኑ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አብዛኛው ገጠመ። አንዱ ግን አልገጠመም።

አቅራቢው የሚለው 103,971.50 ብር ይቀረኛል ነው። የዩኒየኑ መዝገብ ደግሞ ለዚሁ አቅራቢ 112,251.50 ብር አለብን ይላል። ልዩነቱ 8,280.00 ብር ነው።

ነገሩን ለየት ያደረገው የዕዳው አቅጣጫ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጣላው አቅራቢው ከፍ አድርጎ፣ ገዢው ዝቅ አድርጎ ሲይዝ ነው። እዚህ ግን ገዢው ራሱ ካለበት በላይ ዕዳ ተሸክሟል። እንዲህ ያለው ስህተት ጮኾ የሚከራከርለት ሰው የለውም። አቅራቢው መግለጫ ባይልክ ኖሮ ገንዘቡ በመዝገቡ መሠረት ተከፍሎ ይወጣ ነበር።

የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ በሥራው የሸመገሉ ሰው ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ልዩነቱን እንዳዩ ካልኩሌተራቸውን አንስተው ለ9 አካፈሉት። 920 መጣ፤ ትርፍ የለውም። «ቁጥር ተገላብጧል» አሉ።

ይሄ የቆየ የሒሳብ ሰው ዘዴ ነው፣ በቦታው ሲሆን ጥሩ ይሠራል። 48 የሚለውን 84 ብለህ ብትጽፍ ልዩነቱ 36 ነው። 530 የሚለውን 350 ብትል 180 ነው። ሁለት ጎረቤት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ስለዚህ ዳታ የምታስገባው ልጅና ጋሼ የዚያን አቅራቢ ደረሰኞች አንድ በአንድ እያነበቡ የተገላበጠ ቁጥር ፈለጉ። አላገኙም።

ያላገኙት ስላልነበረ ነው። ደንቡ የሚለው «ከተገላበጠ ለ9 ይካፈላል» ብቻ ነው። «ለ9 ከተካፈለ ተገላብጧል» አይልም። ከዚያ በላይ ደግሞ ደንቡ እንደ ምልክት በደንብ የሚያገለግለው አንድ ቁጥር ብቻውን ተጽፎ ሲነጻጸር ነው። እዚህ ያለው ልዩነት በብዛት የተባዛ፣ ቫት የተጨመረበት ነው። ብዛቱ ራሱ ለ3 የሚካፈል ከሆነና የአሃዙም ልዩነት ለ3 የሚካፈል ከሆነ፣ ውጤቱ ያለ ምንም መገላበጥ ለ9 ይካፈላል። የሆነውም ይሄው ነው።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝን። ልዩነቱ በምን በምን አልፎ እንደመጣ ወደ ኋላ መግፈፍ። መጀመሪያ ቫቱን። 8,280 ለ1.15 ሲካፈል 7,200 ይሆናል፣ ያለ ሽርፍራፊ። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። ስህተቱ ቫት ከመጨመሩ በፊት ነበረ ማለት ነው፣ ቫቱም አብሮ አብጧል። ድምሩ ላይ ወይም ቫቱ ላይ ብቻ የተፈጠረ ስህተት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይወጣም።

ቀጥሎ ያልተከፈለውን ደረሰኝ አወጣን። ሦስት ዓይነት ዕቃ አለው። 12 ሸራ፣ 700 ጆንያ፣ 36 ጥቅል ክር። 7,200ን ለእያንዳንዱ ብዛት አካፈልን። ለ700 ሲካፈል 10.28 እያለ የማያልቅ ነገር ይመጣል፤ የጆንያ ዋጋ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት ሊኖር አይችልም። ለ36 ሲካፈል 200 ይመጣል። ይሄ ሊሆን ይችል ነበር፣ ግን የክሩ ዋጋ 185 ነው፤ 200 እንዲጨምር 1 የነበረው 3 ተብሎ መነበብ አለበት። አንድና ሦስት በዚህ ጽሕፈት አይመሳሰሉም፣ መዝገቡም ላይ 185 ነው ያለው። ለ12 ሲካፈል ግን 600 ይመጣል።

600 ሲያዩ ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ወዲያው ይነቃሉ። የሚመሳሰሉ አሃዞች የየራሳቸው ልዩነት አላቸው። 1 እና 7 ሲምታቱ ልዩነቱ 6 ነው። 3 እና 8 ሲምታቱ 5፣ 4 እና 9 ሲምታቱም 5። 5 እና 6 ሲምታቱ 1 ብቻ፤ ይሄኛው ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ያመልጣል። 0 እና 6 ደግሞ እንደ መጀመሪያው 6 ነው። ስለዚህ 600 ማለት በመቶዎቹ ቤት 1 የነበረው 7 ተብሏል፣ ወይም 0 የነበረው 6 ተብሏል ማለት ነው። መዝገቡ ላይ የሸራው ዋጋ 4,750 ነው። የመቶዎቹ ቤት 7 ነው። እንግዲህ ወረቀቱን ማየት ነው።

ደረሰኙ በእጅ የተሞላ ነው። ጽሑፉ የችኮላ ነው፣ ቀለሙም ሳስቷል። የሸራው ነጠላ ዋጋ 4 ብሎ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ያለው አሃዝ ረጅም አናት አለው። ብቻውን ቢታይ ሰባት ነው የሚባለው። የጻፈው ሰው አንድን ሲጽፍ ከላይ አናት ያወጣለታል፣ ሰባትን ሲጽፍ ደግሞ ወገቡ ላይ አያሰምርበትም። ልጅቷ ያነበበችው እንደ ማንም ሰው ነው። በዚያ ላይ በዚያ ሰሞን ሸራ እየጨመረ ነበር። 4,750 የሚለው ዋጋ ለዓይን የሚጎረብጥ አልነበረም። 41,500 ቢባል ማንም ይደነግጥ ነበር፤ 4,750 ግን ማንንም አያስደነግጥም። ትልቁ አደጋ ያለውም ሊታመን በሚችለው ስህተት ላይ ነው።

የአንድን ሰው ጽሕፈት ለማንበብ የሚረዳው ያው ሰው በዚያው ወረቀት ላይ የጻፋቸው ሌሎች አሃዞች ናቸው። እናም እርግጠኛ የሆንንባቸውን አንዶችና ሰባቶች ፈለግን። ከሁሉ ጥሩው የተገኘው ከታች፣ ጠቅላላ ድምሩ ላይ ነበር። 103,971.50። እዚያ 7 እና 1 ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ድምሩ በፊደልም ተጽፏል፤ «አንድ መቶ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ብር ከሃምሳ ሳንቲም» ይላል። ስለዚህ የትኛው ሰባት፣ የትኛው አንድ እንደሆነ ጥርጥር የለም። በዚህ ሰው እጅ ሰባት አናቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንድ ደግሞ አናቱ ረጅም ቢሆንም ከታች ወደ ላይ ያዘነብላል። ወደ ሸራው ዋጋ ስንመለስ አናቱ የሚያዘነብል ነው። 4,150 ነው።

ዓይን ብቻ ግን አይበቃም። ስሌቱ ይፍረድ ተባለ። የሸራው መስመር ድምር በደረሰኙ ላይ 49,800 ተብሎ ተጽፏል። 12 በ4,150 ሲባዛ 49,800 ነው። 12 በ4,750 ቢባዛ ግን 57,000 ይሆን ነበር። ጆንያው 700 በ48.50፣ 33,950 ነው። ክሩ 36 በ185፣ 6,660 ነው። ሲደመር 90,410። አሥራ አምስት በመቶ ቫቱ 13,561.50። ጠቅላላው 103,971.50። ሁሉም ከወረቀቱ ጋር ገጠመ።

እዚህ ላይ ጋሼ የጠየቁት ጥያቄ ዋናው ጥያቄ ነበር። «ታዲያ ድምሩ ደረሰኙ ላይ ተጽፎ እያለ እንዴት አላየነውም?»

መልሱ ያለው ኤክሴሉ ላይ ነው። ልጅቷ የምታስገባው ብዛትና ነጠላ ዋጋ ብቻ ነው። የመስመሩን ድምር፣ ቫቱንና ጠቅላላውን ፎርሙላው ራሱ ያወጣል። ስለዚህ መዝገቡ ከራሱ ጋር ሁልጊዜ ይስማማል። 4,750 ሲገባ 57,000 አለ፣ ቫቱን 14,641.50 አለ፣ ጠቅላላውን 112,251.50 አለ። ሁሉም ትክክለኛ ስሌት ነው። የጎደለው ከደረሰኙ ጋር የሚያገናኘው ነገር ነው። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ድምር ወደ መዝገቡ አንድም ጊዜ አልተገለበጠም። ሰዎች ይሄን ፎርሙላ ያስገቡት የመደመር ስህተትን ለማጥፋት ነው፣ እሱንም አጥፍቷል። ግን ሻጩ በእጁ የሠራውን ስሌት፣ ማለትም ንባባችንን የሚፈትሽልንን ብቸኛ ምስክር አብሮ አስወጥቶታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው የመስመር ድምርና ጠቅላላ ድምር ለየብቻው አምድ ተሰጥቶት በእጅ ይገባል፣ ፎርሙላው ልዩነቱን ብቻ ያሳያል። ብዛቱ C፣ ነጠላ ዋጋው D፣ ከደረሰኙ የተገለበጠው የመስመር ድምር E ላይ ቢሆን፣ F ላይ የሚገባው ይሄ ነው፦

```
=ROUND(C2*D2,2)-E2
```

ለጠቅላላው ደግሞ፣ ከደረሰኙ የተገለበጠው ጠቅላላ ድምር E7 ላይ ቢሆን፦

```
=ROUND(SUM(E2:E4)*1.15,2)-E7
```

ሁለቱም ዜሮ ማለት አለባቸው። ዜሮ ካላሉ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ አንባቢው ተሳስቷል፣ ወይ ሻጩ ራሱ ሲጽፍ ተሳስቷል። እዚህ ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። ሻጩ ተሳስቶ ከሆነ የእሱን ቁጥር «አስተካክሎ» መገልበጥ አይፈቀድም። መዝገቡ የሚይዘው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። ልዩነቱ በማስታወሻ ይያዛል፣ ደረሰኙ ተመልሶ እንዲተካ ሻጩ ይጠየቃል። ቁጥሩ እንዲገጥም ብሎ አንድ አሃዝ የሚነካካ ሰው በመዝገቡና በወረቀቱ መካከል ያለውን ልዩነት ቀብሮታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ መርማሪ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የብሩ ነገር በዚህ ተቋጨ። ደረሰኙን አንዴ ካወጣነው ግን ሌሎቹንም ቁጥሮች እናንብብ ብለን ቀኑን ስናይ ሌላ ጣጣ ተገኘ።

በእጅ የተሞላው ደረሰኝ ላይ ቀኑ 30/05/2016 ይላል። ጥር 30 ማለት ነው። አብሮት የተያያዘው የማሽን ደረሰኝ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር 08/02/2024 ይላል። ዩኒየኑ ኤክሴል ላይ የገባው የማሽኑ ቀን ነው። ኮምፒዩተሩ የተስተካከለው በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ ስለሆነ ወሩን አስቀድሞ ያነባል። 08/02 የሚለውን ፌብሩዋሪ 8 ሳይሆን ኦገስት 2 አደረገው። ሴሉ ላይ የሚታየው ያው 8/2/2024 ነው፤ ምንም የተለወጠ አይመስልም። የታወቀው ዝርዝሩ በቀን ሲደረደር ነው። የጥር ግዢ ከሰኔ ግዢዎች ሁሉ ኋላ ተቀመጠ፣ በጀት ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ። በነገራችን ላይ 30/05/2016 ብላ አስገብታ ቢሆን ኖሮ 30ኛ ወር ስለሌለ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ትቶት ወደ ግራ ያስጠጋው ነበር። ያ ቢያንስ ይታያል። የሚያሳስበው ቀኑ 12 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው፤ ያኔ ምንም ምልክት ሳይሰጥ ይለውጠዋል።

ሁለተኛው የቀን ችግር ከዚህ ይረቅቃል። የግብር ሥራውን የሚሠራው ባልደረባ የኤክሴሉን ሳይሆን የወረቀቱን ቀን አይቶ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሮታል። የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8 ላይ ይውላል የሚለውን በቃሉ ያውቀዋል። እናም ግዢውን የካቲት 1 ብሎ በየካቲት ወር የቫት ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በእጅ የተሞላው ጥር 30 ስለሚል፣ ማሽኑ በማግስቱ የተቆረጠ መስሎታል።

ይሄን የፈቱት ጋሼ ናቸው። በልጅነታቸው ቆሎ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ናቸው፣ ባሕረ ሐሳብም ያውቃሉ። «2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር እኮ» አሉ። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ የሚከተለው ዓመት፣ ዘመነ ዮሐንስ፣ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ነው። ያቺ የአንድ ቀን መንሸራተት ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 እስኪጨምሩ ድረስ ትዘልቃለች። 2016 እንዲህ ያለ ዓመት ነው። የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 9 ላይ ዋለ። ፌብሩዋሪ 8 ደግሞ ጥር 30 ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ከመጀመሪያውም የሚሉት አንድ ቀን ነው፤ የተለያዩት በቃል በተያዘው ስሌት ብቻ ነው።

አንድ ቀን ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ቫት የሚገለጸው በየወሩ ነው። ሻጩ ሽያጩን በጥር አስታውቋል፣ ገዢው ግዢውን በየካቲት። ያውም ከፍ ባለ የቫት መጠን፤ 13,561.50 መሆን ሲገባው 14,641.50 ተብሎ፣ 1,080 ብር ትርፍ ተቀናሽ ተጠይቆበታል። የሁለቱ ወገን ዝርዝር ሲመሳከር ወሩም መጠኑም አይገናኝም። ከዚያ በኋላ የቀኑ አምድ ሁለት ሆነ። አንዱ በወረቀቱ ላይ እንዳለ የሚገለበጥበት ነው፤ ከመተየቡ በፊት አምዱ ጽሑፍ ተብሎ ይመደባል፣ ኤክሴል እንዳይነካው። ሌላው ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመልሶ የሚጻፍበት ነው፣ ወሩ በስሙ፦ «ጥር 30 2016»። ጥር ተብሎ የተጻፈን ማንም ግንቦት አድርጎ አያነበውም።

የቀረው የደረሰኙ ቁጥር ነበር። በጣም ያስቸገረንም እሱ ነው።

የማሽን ደረሰኝ የሚታተመው በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ነው፣ ቀለም የለውም። ሙቀት፣ ፀሐይ፣ ፕላስቲክና ማጣበቂያ ያጠፉታል። ይቺን ደረሰኝ አንድ ጠንቃቃ ሰው እንዳትጠፋ ብሎ በግልጽ ፕላስተር ሙሉ በሙሉ ለጥፏታል። ፕላስተሩ ያረፈበት ሁሉ ነጥቷል። የዕቃዎቹ ዝርዝርና ጠቅላላ ድምሩ ምንም አይነበብም፤ ባይነጣ ኖሮ የሸራው ዋጋ ጭቅጭቅ ባልነበረ። የተረፉት ከፕላስተሩ በላይ ያሉት የሻጩ ቲንና ቀኑ ናቸው። `FS No.` የሚለው መስመር ላይ የፕላስተሩ ጠርዝ አልፎበታል። አራት ዜሮዎች፣ ከዚያ 3 ወይም 8 የሚመስል አሃዝ፣ ከዚያ በደንብ የሚነበቡ 8 እና 1፣ ከዚያ ደግሞ 6 ወይም 0 የሚመስል።

እዚህ ላይ ስሌት አያድንም። 12 በ4,150 ስንት እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ የደረሰኝ ቁጥር ግን ከምንም ጋር አይባዛም፣ ከምንም ጋር አይደመርም። ቲንም እንደዚያው ነው። አሥር አሃዝ መሆኑን ቆጥረህ የጎደለ ወይም የተደገመ ካለ ታውቃለህ፤ 3 የነበረው 8 ተብሎ እንደሆነ ግን ቆጠራው አይነግርህም። እንደ እኔ ከሆነ የሁለት ሰው ዓይን በዋናነት መዋል ያለበት እዚህ ነው። ብዙ ቢሮ ውስጥ የማየው ተቃራኒውን ነው። የብሩን መጠን ሦስት ሰው ያየዋል፤ የደረሰኙን ቁጥር ግን የገለበጠው ሰው ብቻ።

የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ጎረቤቶቹ ፈቱት። ከዚያው ሻጭ፣ ከዚያው ማሽን የተቆረጡ ሌሎች ደረሰኞች በፋይሉ ውስጥ አሉ። ቁጥሩ በተራ ነው የሚሄደው። ከዚህኛው በፊት የተቆረጠው 00003788 ነው፣ በኋላ የተቆረጠው 00003851። ስለዚህ መሐል ላይ ያለው 00008816 ሊሆን አይችልም፤ 3 ነው። የመጨረሻውን አሃዝ ግን ይሄ ዘዴ አይፈታውም። 3816ም ሆነ 3810 ሁለቱም በ3788 እና በ3851 መካከል ናቸው። ደረሰኙን ብርሃን ላይ አየነው፣ በስልክ ካሜራ አጉልተን አየነው። ስድስት የመሰለው ጋሼን፣ ዜሮ የመሰለው ልጅቷን ነው። እዚህ ላይ ማቆም ያስፈልጋል። የጠፋ ቀለም በድምፅ ብልጫ አይመለስም።

ሻጩ ጋር ተደወለ። ፎቶ ላኩልን ማለት ይሻል ነበር፣ በዚያ ሰሞን ግን የዳታ ነገር አስተማማኝ አልነበረም። ስልኩን ያነሳችው ገንዘብ ያዥ ከማሽኑ ግልባጭ አነበበችልን። መጀመሪያ «ሠላሳ ስምንት፣ አሥራ ስድስት» አለች። ልጅቷ «እህቴ፣ አንድ በአንድ በይልኝ፣ ዜሮዎቹንም» አለቻት። ልክ ናት። በሚቆራረጥ መስመር ላይ አሥራ ስድስትና ስልሳ፣ ሰባትና ሰባ ይምታታሉ፤ አሃዝ በአሃዝ ሲነበብ ግን ቢያንስ ስንት ቦታ እንዳለ ይታወቃል። «ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ስምንት፣ አንድ፣ ስድስት።» ልጅቷ መልሳ አነበበችላት። ልጅቷ የምታነበው ከጻፈችው ላይ እንጂ ከትዝታዋ አይደለም፤ ገንዘብ ያዧም የምትከታተለው ከማሽኑ ግልባጭ ላይ ነው። ቁጥሩ ገጠመ፣ 00003816። ከዚያም ያነበበችው ማን እንደሆነች፣ መቼ እንደሆነ በፋይሉ ላይ ተጻፈ። ከወረቀቱ የተነበበና በስልክ የተረጋገጠ ቁጥር እኩል ማስረጃ ስላልሆኑ መለየት አለባቸው። በኋላም ሻጩ የደረሰኙን ግልባጭ ማኅተም አድርጎ ላከ።

የመዝገቡ እርማት የተሠራው አሮጌውን ሳይሰርዝ ነው። 112,251.50 ያለው መስመር ባለበት ቀረ፣ ከሥሩ 8,280 የሚቀንስ የማስተካከያ ሒሳብ ገባ፤ 7,200ው ከሸራው ግዢ፣ 1,080ው ከቫቱ። የየካቲቱ የቫት ዝርዝርም እንዲስተካከል ለብቻው ተጠየቀ። ንብረት ክፍሉም ተነካ፤ በሞዴል 19 ገቢ የሆነው ሸራ ነጠላ ዋጋ 4,750 ተብሎ ስለነበር በመጋዘን ያለው ዕቃ ከዋጋው በላይ ተይዟል። ለሻጩ ክፍያ ሲፈጸም ከ90,410 ብሩ ላይ በጊዜው የነበረው ሁለት በመቶ ቅድመ ግብር፣ 1,808.20፣ ተቀንሶ 102,163.30 ተላከ። ስህተቱ ባይያዝ ኖሮ ቅድመ ግብሩም በተሳሳተ መነሻ ላይ ይሰላ ነበር።

እዚያው እያለን፣ በነሐሴ፣ ሌላ ወረቀት መጣ። ለጆንያ መስፊያ ማሽን የቀረበ ፕሮፎርማ ነው። ዋጋው 1,850.00 ይላል። ልጅቷ አሁን ዓይኗ ተከፍቷል። ከቁጥሩ በፊት ገንዘቡ ምንድን ነው ብላ ፈለገች። ከላይ፣ በሰንጠረዡ አናት ላይ፣ በትንሹ `USD` ተብሏል። ከቁጥሩ ጎን ምንም የለም። በአሮጌው ኤክሴል ቢሆን 1,850 ብር ተብሎ ይገባ ነበር፤ አምዱ ራሱ «ዋጋ በብር» ነበር የሚለው። አሁን መጠኑና የገንዘቡ ዓይነት የየራሳቸው አምድ አላቸው፣ የገንዘቡ ዓይነት ባዶ ሆኖ አያልፍም።

ቀኑ ግን ደግሞ አስጨነቀ። 07/08/2024። ጁላይ 8 ከሆነ ሐምሌ 1 ነው። ኦገስት 7 ከሆነ ነሐሴ 1 ነው። በሁለቱ መሐል ሐምሌ 22 አለ፣ ብር በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀበት ቀን። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ74 ብር በላይ ሄደ። ስለዚህ ወረቀቱን በየትኛው ምንዛሪ እናስላው የሚለው በቀኑ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በእነዚህ ሁለት ምንዛሪዎች 1,850 ዶላር ከ30,000 ብር በላይ ልዩነት ያመጣል።

መልሱ ከታች በኩል ተገኘ። ፕሮፎርማው ለ30 ቀን የጸና ነው ይላል፣ ማብቂያውንም 06/09/2024 ብሎ ጽፏል። ወሩ አስቀድሞ ነው ብለን ብናነብ ማብቂያው ጁን 9 ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ያለቀ ፕሮፎርማ የለም። ቀኑ አስቀድሞ ነው ብለን ብናነብ ከኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 6 ልክ 30 ቀን ነው። ነሐሴ 1 ነው ማለት ነው፣ አዲሱ ምንዛሪ። ልጅቷ በመጀመሪያው አምድ 07/08/2024 ብላ እንዳለ ገለበጠችው፣ በሁለተኛው «ነሐሴ 1 2016» ብላ ጻፈች፣ በማስታወሻው አምድ «ከማብቂያው ቀን የተረጋገጠ» አለች፤ ፋይሉ ለግዢ ኮሚቴው ሄደ።